በሃያ ከረጢት ያልሞላ ደረጃ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእሱን ግን ያወጣው ደረጃ ነው። ሠላሳ አራት ይሉታል። አዲስ የመጣ የቀን ሠራተኛ ዕድሜው መስሎት ይስቃል፣ ሰውየው ስድሳ ሊደፍን ጥቂት ነው የቀረው። ሌላው ደግሞ በጉልምስናው ያወለቀው የሰው ጥርስ ብዛት ነው ይላል። ቢቆጠር ከዚያ ሳይርቅ አይቀርም፣ ስሙ ግን ከዚያ አልመጣም።

ይህን ስም ከማግኘቱ በፊት ፎርማኑ ነበር የሚባለው። እኛም ለጊዜው እንደዚያው እንበለው። አባቱ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ፣ ለልጅም ለድንጋይም የነበራቸው እጅ አንድ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ መዶሻ ጠፋብህ ብለው በያዙት እጀታ ትከሻውን ሰበሩት፣ መዶሻው በማግስቱ ከራሳቸው ከረጢት ውስጥ ተገኘ። ይቅርታ አልጠየቁም። «እጄ ቀደመኝ» ብቻ አሉት። ልጁ ሌላውን ውርስ ሁሉ አጣና ይቺን ቃል ወረሰ።

ፎርማኑ ከእጁ ሌላ ጭንቅላትም ነበረው። ባሬላ ተሸካሚ ሆኖ ነው ሕንፃ ሥራ የገባው፣ ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው፣ ከወዲህ እሱ፣ በመካከል እርጥብ አርማታ። አንድ ደግ መሐንዲስ በባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ስሌት አስተማሩት። ቁመት በስፋት በውፍረት። ተማረና ያዘው። በሃያ ዓመት ውስጥ ለምሰሶው ኮለን፣ ለአግዳሚው ቢም፣ ለወለሉ ሶሌታ ስንት ከረጢት እንደሚበቃ ቆሞ የሚናገር ሰው ሆነ። ኩራቱ ደረጃ ነበር። ሌላው ፎርማን ደረጃ ሲሞላ ለብክነት እያለ ሁለት ከረጢት ይጨምራል፣ እሱ ግን አይጨምርም። «ከእኔ ደረጃ ከአንድ አካፋ በላይ አይተርፍም፣ አንድ አካፋም አይጎድልም» ይላል። እውነትም አይተርፍም፣ አይጎድልም ነበር። ነገሩን የሚያከፋው ይሄ ነው።

ሠራተኛ ሲያጠፋ ይመታል። አሸዋ ያበዛውን በአካፋ ጀርባ፣ ውሃ ያበዛውን በቦክስ። አንዴ አርማታ የሚያነዝረውን ቫይብሬተር አጥፍቶ ያስቀመጠውን ልጅ ከሁለተኛ ፎቅ አንገቱን ይዞ አንጠልጥሎታል። ከዚያ «እጄ ቀደመኝ እኮ» ይልና ምሳ ይጋብዛል። ሰዎች ምሳውን እየበሉ ይጠሉታል። በእጁ ያልተነካችው ሚስቱ ብቻ ናት፣ ምክንያቱም በተጋቡ በሳምንቱ «እኔ ላይ የምታነሳውን እጅ ተኝተህ ሳለ እቆርጠዋለሁ» ብላ ቢላዋውን አሳይታዋለች። እሷ ደግሞ የተናገረችውን የማታደርግ ሴት አይደለችም።

የሚስቱ ታናሽ ወንድም አብሮት ይሠራል። አርማታ የሚያቦካውን ሚክሰር የሚያሽከረክረው እሱ ነው፣ ማሽነኛው ይሉታል። ዝምተኛ፣ ቀጭን፣ በቀኝ እጁ ትልቁን መሪ እየዘወረ በግራው ጠጠር የሚቆጥር ሰው። እህቱ ስታገባ ገና ልጅ ስለነበር ፎርማኑን ጋሼ እያለ ነው ያደገው። ሥራ ያስገባው ፎርማኑ ነው፣ ስለዚህም ከማንም ይበልጥ የሚመታው እሱን ነበር። ዝምድና እንዳያዳላብኝ ይላል።

ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ነው። የሚሞላው ደረጃ ሁለት ክንፍ አለው፣ በመካከሉ ማረፊያ። በእያንዳንዱ ክንፍ አሥር ደረጃ፣ ባንድ ላይ ሃያ። የአንዱ ደረጃ ቁመት አሥራ ስድስት ሴንቲ፣ መርገጫው ሠላሳ፣ ስፋቱ ሜትር ተኩል። ከደረጃዎቹ ሥር ተጋድሞ የሚሸከማቸው ሶሌታ በፕላኑ ላይ አሥራ አምስት ሴንቲ ውፍረት አለው። ማረፊያው ሦስት ሜትር ከሃያ በሜትር ተኩል ነው፣ ውፍረቱ እሱም አሥራ አምስት።

ፎርማኑ ጠዋት የከረጢት ወረቀት ቀዶ አሰላ። ደረጃ ከጎኑ ሲታይ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ስለዚህ ሠላሳን በአሥራ ስድስት አባዝቶ ለሁለት ከፈለ፣ በስፋቱ አበዛ፣ በሃያ አበዛ፣ ዜሮ ነጥብ ሰባ ሁለት ሜትር ኩብ መጣለት። ማረፊያው እንደ አጋጣሚ እሱም ዜሮ ነጥብ ሰባ ሁለት ሆነ። ለተጋደመው ሶሌታ አሥር ደረጃ በሠላሳ ሴንቲ ሦስት ሜትር አለ፣ በአሥራ አምስት ሴንቲ፣ በሜትር ተኩል፣ ሁለት ክንፍ ነውና እጥፍ፣ አንድ ነጥብ ሠላሳ አምስት። ድምሩ ሁለት ነጥብ ሰባ ዘጠኝ። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ከአሸዋውና ከጠጠሩ ጋር ተቦክቶ ዜሮ ነጥብ አሥራ አራት ይወጣዋል። ሃያ ከረጢት። ሃያውን ከመጋዘን አስወጣና ማሽነኛው እግር ሥር አስደረደረ። ባለ መጋዘኑ ቆልፎ ወደ ቤቱ ሄደ፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው።

ሙሌቱ ከታች ተጀመረ። ባሬላው ተመላለሰ፣ ቫይብሬተሩ ጮኸ። የታችኛው ክንፍ ሞላ፣ ማረፊያው ሞላ። ወደ ላይኛው ክንፍ ሲገቡ ፎርማኑ ፊቱ መለዋወጥ ጀመረ፣ ምክንያቱም ዓይኑ ከማንም ስሌት ይቀድማል። ዘጠነኛው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ሚክሰሩ ቆመ።

«ምን ሆነህ ቆምክ?» አለ ከላይ ሆኖ።

«አለቀ፣ ጋሼ።»

«ምኑ ነው ያለቀው?»

«ሲሚንቶው። ሃያውም ገባ።»

የላይኛው ደረጃና ከሥሩ ያለው ግማሽ ባዶ ነበር። ብረቱ ራቁቱን ወጥቶ ይታያል፣ ያውም ደረጃው ከፎቁ ጋር በሚያያዝበት፣ ከሁሉም ቦታ ይልቅ አንድ ላይ መሞላት ባለበት። መጋዘኑ ተቆልፏል። ሰኞ የሕንፃው መሐንዲስ ይመጣል፣ አርማታው የተቋረጠበትን መስመር ያያል። ባሬላ ተሸካሚዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ አንዱ «አንድ አካፋም አይጎድልም» ብሎ አፉን በእጁ ከደነ። ፎርማኑ ሳቁን ሰማ። የሰማው ሳቁን ብቻ ነው።

እየዘለለ ወረደ። ማሽነኛው ባዶዎቹን ከረጢቶች አንድ በአንድ እያነሳ ይደረድር ጀመር። «ቁጠራቸው፣ ሃያ ናቸው» አለ።

«ባዶ ከረጢት ማቅረብ ማን ያቅተዋል? ግማሽ ግማሹን ወደየት ገለበጥከው?»

«ኧረ በእህቴ ሞት፣ ጋሼ።»

«ቤትህ ግድግዳ ጥግ ያየሁት ሲሚንቶስ?»

«እሱን እኮ ገዝቼው ነው።»

የመጀመሪያው ምት ጆሮው ላይ አረፈ። ማሽነኛው በከረጢቶቹ ላይ ወደቀ፣ የሲሚንቶ ብናኝ ተነሳ። ሊነሳ ሲል ፎርማኑ በጫማው ጎኑን ረገጠው። ሁለት ሰዎች ሊይዙት ቀረቡ፣ አንዱን በክርኑ አፍንጫውን ብሎ ደሙን በሸሚዙ ላይ አፈሰሰው፣ ሌላው በራሱ ጊዜ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ማሽነኛው በአራት እግሩ ወደ ሚክሰሩ እየዳኸ መሪውን ለመያዝ እጁን ዘረጋ። ፎርማኑ አካፋውን አነሳ። አንዴ ክንዱ ላይ፣ ሁለተኛ እዚያው፣ ሦስተኛው መሪውን በያዙት ጣቶች ላይ። የመጨረሻውን ሁሉም ሰማው፣ ደረቅ ጣውላ ሲሰበር እንደሚሰማ ነበር። ማሽነኛው አልጮኸም። እጁን አይቶ «ጋሼ» አለ፣ ገረመኝ እንደሚል ሰው፣ ከዚያ ራሱን ሳተ።

ዘበኛው ፖሊስ ጠራ። ፎርማኑ ገና ሳይጠይቁት «ሌባ ነው፣ ሊያመልጥ ሲል ከመወጣጫው ወደቀ» አለ። በሕይወቱ ብዙ ሰው መትቷል፣ ስለ መምታቱ ሲዋሽ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ሠላሳ ሰው ቆሞ አየው፣ ሠላሳውም መሬት መሬቱን አየ፣ ሰኞ ማን ሥራ እንደሚሰጣቸው ያውቃሉና። ፖሊሶቹ ማሽነኛውን ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱት፣ በአልጋው አጠገብም ጠባቂ አቆሙ። ፎርማኑን «ሰኞ ጠዋት ጣቢያ መጥተህ ቃልህን ስጥ፣ በአንተ ቃል ነው የምንከሰው» አሉት።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ሰምታ ቆየችው። በር ላይ ቆማ ሸሚዙን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ በያዘችው የውሃ ጣሳ ግንባሩን አለችው። ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ። እጁ ተነሳ፣ አየር ላይ ቆመ፣ ወረደ።

«ወንድሜ ሰርቆ ከሆነ ሰኞ ከአንተ ጋር ሄጄ እኔው እመሰክርበታለሁ» አለች። «ከየት አወቅክ?»

«ቁጥር አይዋሽም።»

«ቁጥሩን ያሰላው ማነው?»

 ደሙን ታጥቦ ተኛ፣ እንቅልፍ ግን አልወሰደውም። ስለ ማሽነኛው አስቦ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ፣ ግን አልነበረም። የሚያብሰለስለው የጎደለው አንድ ደረጃ ተኩል ነበር። ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ መሰለው፣ አዲሱ አናጺ አርማታው የሚፈስበትን የጣውላ ሳጥን አወፍሮት እንደሆነ ማየት። ለሃያ ዓመት አብረውት የሠሩት ሽማግሌው አናጺ ባለፈው ዓመት ዓይናቸው ደክሞ ሥራ አቁመዋል። በእሳቸው ቦታ የመጣው ይሄ አንገተ ወፍራም፣ እርሳስ ከጆሮው የማይለይ ሰው ነው፣ ደረጃ ሲሠራላቸውም የመጀመሪያው ነበር።

እሑድ ጠዋት ወደ ሥራው ቦታ ሄደ። አዲሱ አናጺ ብቻውን የጎን ጣውላዎቹን እየነቀለ ሚስማር ያወጣል። የጎኑ በማግስቱ ይነቀላል፣ ከሥር ያለው ግን ከነመደገፊያው ሳምንታት ይቆያል። ፎርማኑ ሰላምታ ሳይሰጥ ሜትሩን ቀማው።

«ሳጥኑን አወፍረህብኛል» አለ።

«ለካው» አለ አናጺው።

ፎርማኑ ሁለት ደረጃዎች ከሚገናኙበት ጥግ ሜትሩን ቀጥ አድርጎ ወደ መሬት ለቀቀ፣ ቱንቢ እንደሚወርድ። አሥራ ሰባት ሆነ። «ይኸው፣ ሁለት ሴንቲ ሰርቀኸኛል» አለና የአናጺውን ኮሌታ ጨመደደ። አናጺው እጁን ላስለቅቅ ሲል በቦክስ ጉንጩን አለው። ሰውየው ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄደ፣ እርሳሱን ከመሬት አንስቶ ጆሮው ላይ መለሰ፣ ከዚያ ቀረበና ሆዱ ላይ አንድ ብቻ መታው። ፎርማኑ ተቆልምሞ በጉልበቱ ወደቀ። ከአባቱ ወዲህ በቦክስ መሬት ያስያዘው ሰው አልነበረም። ተነስቶ ደገመ፣ አናጺውም ደገመለት፣ በዚህኛው ከንፈሩ ተሰነጠቀ።

«ከጨረስክ ላሳይህ» አለው አናጺው። ከመሣሪያ ሳጥኑ ስኳድራ፣ ያ የቀኝ ማዕዘን ብረት፣ አወጣ። አንዱን ክንድ ከሶሌታው ሆድ ሥር ባለው ጣውላ ላይ አስደገፈ፣ ሌላው ክንድ ተዳፋቱን ቀጥ ብሎ ቆርጦ ወደ ጥጉ ወጣ። «ውፍረት በስኳድራ ነው የሚለካ። የተጋደመ ነገር በቱንቢ ከለካኸው ሰያፉን ነው የለካኸው። አንብብ።»

ፎርማኑ የደማ ከንፈሩን እየላሰ አነበበ። አሥራ አምስት ነበር፣ አንድ ሚሊ ሳይዛነፍ።

«ታዲያ ሲሚንቶዬ የት ሄደ?»

«ስሌትህን ንገረኝ።»

ነገረው። ሃያ ደረጃ፣ ማረፊያ፣ ከዚያም ሦስት ሜትር በአሥራ አምስት። አናጺው ሦስት ሜትር ላይ አስቆመው። የሜትሩን ጫፍ ከክንፉ ሥር ያዝ አለው፣ ራሱ ተዳፋቱን ተከትሎ ወደ ላይ ወጣ። «እዚያ ሆነህ አታየውም፣ እኔ ላንብብልህ። ሦስት ሜትር ከአርባ። ሠላሳው መርገጫው ነው፣ መሬት ለመሬት። ሶሌታው ግን መሬት ለመሬት አይሄድም፣ ይወጣል። በየደረጃው ሠላሳ አራት ይሄዳል። በአሥር ደረጃ አርባ ሴንቲ ዋጥክ፣ በሁለት ክንፍ ሰማንያ። በውፍረቱና በስፋቱ አባዛው።»

ፎርማኑ በጭንቅላቱ አበዛው። ዜሮ ነጥብ አሥራ ስምንት። አንድ ከረጢትና ትንሽ። አንድ ደረጃ ተኩል። እዚያው በጠነከረው አርማታ ላይ ተቀመጠ።

«ሃያ ዓመት» አለ። «ሃያ ዓመት በዚሁ ነው የሠራሁት። አንድ ቀን አልጎደለም።»

«አናጺህ ማን ነበር?»

«ሽማግሌው» አለ ፎርማኑ። ከዚያ ተነስተው ወደ ጎረቤቱ ሕንፃ ሄዱ፣ አምና ጨርሰው ያስረከቡት፣ ፕላኑ አንድ ዓይነት። ሰው ገብቶበታል፣ አንዲት ሴት ጀሪካን ይዛ እየወጣች ነበር። እስክታልፍ ጠበቁ። ከደረጃው ጎን በቱንቢ ለኩ፣ አሥራ አምስት። በስኳድራ ለኩ፣ አሥራ ሦስት ከምናምን።

አየህ፣ ሽማግሌው አናጺ ውፍረቱን በቱንቢ እየለኩ ሶሌታውን ያሳሱት ነበር፣ ፎርማኑም ርዝመቱን በመሬት እየለካ ያሳጥረው ነበር። አንዱ ያጎደለውን ሌላው በዚያው ልክ ያጎድለዋል፣ ስለዚህ አርማታው ሁልጊዜ ልክ ይመጣል። ሁለት ስህተት ተጋብተው ሃያ ዓመት በሰላም ኖሩ። ልጃቸው ደግሞ ያ «አንድ አካፋም አይጎድልም» የሚባለው ኩራት ነው። ትክክል የሚሠራ ሰው በመጣ ቀን ትዳሩ ፈረሰ፣ የማሽነኛው እጅም አብሮ።

አናጺው ሜትሩን እየጠቀለለ «አልሰረቀህም» አለ። መናገር አላስፈለገውም ነበር።

አሁን እንግዲህ ጉዳዩን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አናጺው «እስከ ሰኞ አልናገርም፣ አንተ ካልተናገርክ ግን ሰኞ እናገራለሁ» አለው። ይሄ ለጨዋ ሰው ሌሊቱን ሙሉ የሚያሳስብ ነገር ነው። ፎርማኑ ጨዋ አልነበረም፣ ስለዚህ ያሰበው እስከ ሐኪም ቤቱ በር ድረስ ብቻ ነው። ቢናገር ፎርማንነቱ ያበቃል፣ በሐሰት ከሷልና ይታሰራል፣ እነዚያ የሳሱ ደረጃዎች ሁሉ ይጋለጣሉ። ባይናገር ማሽነኛው ሌባ ሆኖ ይገባል። ፈራ። ስንቱን ሰው ያስፈራራ ሰውዬ በዚያ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ይዞ ሄደ። ሰው ሲፈራ ማየት ደስ አይልም፣ የእሱን ግን ባየው አልጠላም ነበር።

ማሽነኛው ክንዱ እስከ ጣቶቹ በጀሶ ተገትሮ ተኝቷል። ጠባቂው ወንበር ላይ ያንጎላጃል። ሚስቱ በእግርጌው ተቀምጣለች፣ ባሏን ስታይ አልተነሳችም።

«ስሌቱ የእኔ ነበር» አለ ፎርማኑ። «ሃያ ከረጢት ለዚያ ደረጃ አይበቃም ነበር። ሃያ አንድ ከምናምን ነው። ተዳፋቱን ሠላሳ ብዬ ነው የያዝኩት፣ ሠላሳ አራት ነው።»

«ባዶዎቹን ቁጠራቸው ብዬህ ነበር» አለ ማሽነኛው።

«ብለኸኝ ነበር።»

«እስቲ ጠጋ በል፣ ጋሼ። አልሰማህም።»

ፎርማኑ ጎንበስ አለ። ምን እንደሚመጣ አልገባውም ብዬ አልምልም። ማሽነኛው በጀሶ የታሰረውን ክንድ ከአልጋው አንስቶ በሙሉ ጉልበቱ አፉ ላይ አወረደው። ጀሶው ተሰነጠቀ፣ ሁለት ጥርስ አብሮ ወጣ፣ ማሽነኛው ትናንት ያልጮኸውን ጩኸት ዛሬ ጮኸ፣ የራሱ አጥንት ነው ዳግም የተነቃነቀው። ጠባቂው ከወንበሩ ወደቀ። ሚስቱ ተነሳችና ወንድሟን አቀፈችው። ማሽነኛው ላብና እንባ እየጨመቀው፣ በእህቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ሰውየውን አየው።

«እጄ ቀደመኝ» አለው።

ፎርማኑ ጥርሶቹን ከወለሉ ላይ ለቅሞ በኪሱ ከተተ። ከዚያ ጠባቂውን «ቃሌን እስከ ሰኞ አታቆየው፣ አሁን ውሰደኝ» አለው። ያበጠ አፉ ንግግሩን አላስኬድ ስላለው የጣቢያው ጸሐፊ ሦስት ጊዜ አስደገመው። ሦስት ጊዜ ደገመው። መታሁት፣ ዋሸሁ፣ አልሰረቀም።

ስምንት ወር ታሰረ። ከእስር ቤት ሆኖ የደረጃዎቹን ዝርዝር ለመሐንዲሱ ላከ፣ ሽማግሌው አናጺና እሱ አብረው የሠሯቸውን ሁሉ፣ አንድ ሳያስቀር። መሐንዲሱ በስኳድራ እየዞረ ለካ። አንዱ ፈረሰ፣ ለአራቱ ከሥር የብረት ድጋፍ ገባላቸው፣ የቀሩት ይበቃሉ ተባለ። ሽማግሌው አናጺ ሲነግሯቸው ዓይናቸውን በመሐረብ ሸፍነው ተቀመጡ፣ ሰው አልመቱም፣ ከዚያ በኋላ ግን ደረጃ ሲወጡ ጠርዝ ጠርዙን ይዘው ነው ይባላል። ሚስቱ በየሳምንቱ የታጠበ ልብስ ታመጣለታለች፣ ቃል ግን አልወጣትም። ለስምንት ወር ከልብሱ ጋር የሚመጣው ዝምታ ብቻ ነበር። ሲፈታ «ወጥ አለ» አለችው፣ ተቀምጦ አለቀሰ።

ፎርማን አድርጎ የሚቀጥረው አልተገኘም። አዲሱ አናጺ ግን በሌላ ሥራ ቦታ ፎርማን ሆኗል፣ «ባሬላ ከተሸከምክ ና» አለው። ሄደ። ሚክሰሩ ላይ ማሽነኛው ቆሟል። ቀኝ እጁ መሪውን አሁንም ይዘውራል፣ ሁለቱ ጣቶች ግን ከመዳፉ ጋር አይገጥሙም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፣ እዚህ ግን የወጋውም እንዲረሳ አልተፈቀደለትም።

ደረጃ በሚሞላበት ጠዋት ሁሉ እንዲህ ይሆናል። ሲሚንቶው ይደረደራል፣ ባሬላዎቹ ይሰለፋሉ፣ ማንም ሞተር አያስነሳም። ማሽነኛው ከመሪው ሳይርቅ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ ይጠይቃል።

«መርገጫው ሠላሳ፣ ቁመቱ አሥራ ስድስት። ተዳፋቱ ስንት ነው?»

ሽበታሙ ባሬላ ተሸካሚ ሁለት ጥርስ በጎደለው አፉ ይመልሳል። «ሠላሳ አራት።»

አዲሶቹ ይስቃሉ፣ ስሙን የጠሩት ይመስላቸዋል። ማሽነኛው አይስቅም። ከረጢቶቹን መቁጠር ይጀምራል፣ በቀኝ እጁ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከሦስት በኋላ የሚታጠፍ ጣት የለውም። አራተኛውን ሠላሳ አራት በራሱ ጣት እያጠፈ ይቆጥርለታል፣ አምስተኛውንም፣ ሃያ ሁለት ከረጢት እስኪሞላ ድረስ።